የወንድማቸው ሹሩባ

የእትዬ ዘነበችን መርዶ የያዙ ሁለት ሽማግሌዎች ሰበታ ወዳለው ቤታችን የመጡት ገና ሲነጋጋ ነበር። ባለቤቴ ታደሰ ጋቢውን እንደተከናነበ በሩን ከፈተ። ከሱሉልታ መምጣታቸውን ሲነግሩት "ግቡ" አላላቸውም። የአንዱን ፊት አየ፣ የሌላውን ፊት አየ፤ ከዚያ "እሷ ናት የላከቻችሁ?" አላቸው።

"ኧረ ልጄ፣ በዚህ ይቀለዳል?" አሉት አንደኛው።

"እሷ ትቀልዳለች" አለ።

ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው መልበሳቸውን ያየው ያኔ ነው፤ ወዲያው እደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። እውነቱን ለመናገር እኔም ከጓዳ ሆኜ ሳዳምጥ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ያው የሱ ሐሳብ ነበር። ሴትየዋ ሞታቸውን እንኳ የሚያምናቸው ሰው አላተረፉም። እኔ ደግሞ በተፈጥሮዬ ተጠራጣሪ ነኝ፤ ሰው ሲስቅልኝ ምን ፈልጎ ነው እላለሁ። ዘመኔን ሙሉ ግን እንደ እትዬ ዘነበች ያጠራጠረኝ ሰው የለም።

እትዬ ዘነበች የባሌ ታላቅ እህት ናቸው። እሱ ሰበታ በአንድ ወፍጮ ቤት ሞተር ያንቀሳቅስ ነበር፤ እሳቸው ሱሉልታ አግብተው፣ ባላቸው ሞቶባቸው፣ ድርቆሽና ወተት እየሸጡ ይኖሩ ነበር። ረጅምና ቀጭን ናቸው። ሊቀልዱ ሲሉ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያደርጋሉ። ዓይናቸው ግን አይስቅም፤ ሰውየው ምን እንደሆነ ለማየት ፊቱ ላይ ይተከላል። እኔን ያስፈራኝ ይህ ነበር፤ የሚስቅ ሰው እንዲህ አተኩሮ አያይም።

መጀመሪያ ያወቅኋቸው የተሞሸርኩ ሰሞን ነው። አጠገቤ ቁጭ ብለው ጉልበቴን እየዳበሱ፣ "አንቺ ልጅ፣ ባልሽን በስሙ አትጥሪውም መቼም። እኛ ቤት ብርቄ ነው የምንለው። ደስ ይለዋል" አሉኝ። የአገሩም ወግ ነው፤ ሙሽራ ለባልዋም ለባልዋ ዘመዶችም የማቆላመጫ ስም ታወጣለች። ብርቄ ደግሞ ለጆሮ የሚጥም ቃል ነው፤ የሴት ስም መሆኑን ባውቅም ባሏን ብርቄ ብላ የምታቆላምጥ ሴት ብዙ አይቻለሁ። ምኑ ይጠረጠራል?

በቅልቅሉ ቀን የኔም የሱም ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሰፈሩ ወንዶች ጠጅ እየጠጡ ሳለ፣ ከጓዳ ብቅ ብዬ "ብርቄ፣ ቢላዋው የት ነው?" አልኩት። አብሮ አደጎቹ ከወዲያ ጥግ ሳቃቸውን ለቀቁት፤ አንዱማ ብርሌውን ጣለ። ታደሰ ጆሮው ሥር ድረስ ቀልቶ ቢላዋውን አቀበለኝ። እትዬ ዘነበችን ፈለግኋቸው። ከሴቶቹ መካከል ቆመው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ እሱን ያዩታል።

ያን ሳምንት ባሌ ከእሺና ከእምቢ በቀር ቃል አልተነፈሰልኝም። በኋላ ነው ታሪኩን የነገረኝ።

ከሱ በፊት እናቱ የወለዷቸው ወንዶች ልጆች ሁሉ ሳይድሁ አለቁ። እሱ ሲወለድ አዋቂዎቹ እናትየውን፣ ወንድ መውለድሽን አታውሪ፣ ሴት ነው በይና አሳድጊው፣ ሞት እንዳያውቀው አሏቸው። እንደዚያ ይደረግ ነበር። ቀሚስ ለበሰ፣ ጆሮው ተበሳ፣ ጠጉሩ ሹሩባ ተሠራ፣ ብርቄ ተባለ። ሹሩባውን የምትሠራው፣ ወንዝ ይዛው የምትወርደው፣ ሰው ፊት "ይቺ እህቴ ናት" የምትለው ዘነበች ነበረች። እሷም ራሷ ልጅ ነበረች። ሰባት ዓመት ሲሞላው ጠጉሩን ተላጨ፣ ሱሪ ለበሰ፣ በአደባባይም ታደሰ ተባለ። ሁሉም ሰው ብርቄን ረሳት። እህቱ ብቻ አልረሳችም።

ቀልዷ የራሱ ሕግ ነበረው አለኝ። እናታቸው ሲሰሙ ለስለስ ብላ፣ ማቆላመጫ አስመስላ ትጠራዋለች። ልጆች በተሰበሰቡበት ግን ዜማ ታወጣለታለች፤ "ብርቄ ሹሩባዋ፣ ብርቄ ቀሚሷ" እያለች። ከሌላ ልጅ አፍ ያችው ቃል ከወጣች ደግሞ ድንጋይ ታነሳለች፤ አንድ ጎረምሳ ግንባሩን ፈንክታዋለች። ስለዚህ ታደሰ ትወደው ይሆን ትጥላው ይሆን ፈጽሞ ሊለየው አልቻለም። ሲያለቅስ እናቱ "እህትህ አይደለች? ስትጫወት ነው" ይሉታል። ዝም ሲል ትብሳለች። ሲናደድማ ሠርግና ምላሿ ነው። የቀረው አንድ መንገድ ከሷ ቀድሞ መሳቅ ነበር፤ ተማረው። እኔ ያገባሁት ሰው ገና ምንም ሳይባል የሚስቅ ሰው ነበር፤ ሳቁ ግን ከጉሮሮው አይወርድም።

ወፍጮ ቤት በተቀጠረ በመጀመሪያው ሳምንት ከሱሉልታ ጥቅል ተላከለት። እህል ሊያስፈጩ የመጡ ሴቶች ዙሪያውን ከበውት ፈታው። ለጋ ቅቤ በቅጠል ተጠቅልሎ፣ ከቅቤው ጋር ሚዶ አለ። "ለራስሽ ነው ብላለች እህትህ" አለ መልእክተኛው ጮክ ብሎ፣ ታዞ የመጣውን ሳያሳስት። ሴቶቹ ሳቁ፤ ታደሰም ሳቀ፤ ከዚያ ወደ ሞተሩ ሄዶ ቀኑን ሙሉ ከዚያ አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ እህቱ የሰጠችውን ነገር ሁሉ ይፈትሻል። ጋቢ ብትልክለት ጥለቱን እየዳበሰ ምን ተሰፍቶበት ይሆን ይላል። ወተት ይዘው ሲመጡ እኔም ከሱ ተምሬ ቅሉን አሸት ነበር። ወተቱ ደህና ነው፤ ሁልጊዜም ደህና ነው፤ እኛ ግን አሸተትን። እትዬ ዘነበች ቁጭ ብለው ያዩናል። "ምነው፣ መርዝ መሰላችሁ?" ይሉና ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ያነሳሉ።

እኔ በልቤ አንድ ነገር አስብ ነበር። እኚህ ሴት ወንድማቸው ሰው እንዲሆን አይፈልጉም። ልጅ የላቸውም፣ ባል የላቸውም፤ ከነሹሩባው ቢቀርላቸው ነው ደስታቸው። እኔንም በሠርጌ ያታለሉኝ ባሌን ገና ከጅምሩ በኔ አፍ ሊያሳንሱት ነው። ይህን ለታደሰ በቀጥታ አልነገርኩትም፤ ግን እሱም እንደሚያስበው አውቃለሁ።

ነገሩ የፈነዳው በልጃችን ክርስትና ቀን ነው። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ከነሚስታቸው መጥተዋል፤ ታደሰ ኮት ለብሶ ያስተናግዳል። እትዬ ዘነበች ሕፃኑን ተቀብለው ታቀፉት፣ ፊቱን አዩት፣ ከጉያቸው ትንሽ የዶቃ ክር አውጥተው እንደ ሴት ልጅ አንገቱ ላይ አሰሩለት። ከዚያ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ፣ "ይቺ ደግሞ የኔ ትንሿ ብርቄ ናት" አሉ።

ታደሰ የያዘውን ማንቆርቆሪያ አስቀመጠ። ልጁን ከእጃቸው ወሰደው፤ ዶቃውን በጠሰና ሜዳ ላይ ወረወረው።

"ውጪ" አላቸው። "ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም። ብትሞቺም አልመጣም፣ ብሞትም አትምጪ።"

ሰው ሁሉ "ኧረ ተው" ይላል። እሳቸው ጎንበስ ብለው ዶቃውን ከሣሩ ውስጥ መልቀም ጀመሩ። አንዷን እንዳያስቀሩ በጣታቸው ሣሩን እየገለጡ እስኪጨርሱ ቆዩ፣ ከዚያ ሄዱ። ሰው ፊት የተባረረ ሰው ለጥቂት ዶቃ ምን እንዲህ ያስጨንቀዋል ብዬ በጣም ተጠራጠርኩ። መተት ነው ብዬ ልጄን ጠበል አስጠመቅሁት።

ያ ዓመት አለፈ፣ ፋሲካ መጥቶ ሄደ፣ አልተገናኙም። ነገሩ እየከበደ ሲሄድ ቡራዩ ያሉት ኦቦ ቶሎሳ ገቡበት። የአባቴ ጎረቤት ናቸው፣ በአካባቢው የታረቀ ሰው ሁሉ በሳቸው እጅ ነው የታረቀው። በሰበታና በሱሉልታ መካከል ነው ብለው ደጃቸው ካለው ዋርካ ሥር ቀጠሩን። ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ታደሰ በአንድ ወገን፣ እህቱ በሌላ ወገን፣ እኔ ከባሌ ኋላ።

"ኤዬ፣ ታደሰ" አሉ ኦቦ ቶሎሳ። "እህትህ ምን በደለችህ? መሬት ወሰደችብህ? ሰደበችህ? መታችህ?"

ታደሰ ለዚያ ቀን ስንት ቀን ሲሰናዳ የከረመ ሰው ነው። ተነስቶ ቆመ። "ብርቄ ትለኛለች" አለ።

"ማን ናት ብርቄ?"

ከዚያ ሁሉንም ተናገረ፤ ቀሚሱን፣ ሹሩባውን፣ ዘፈኑን፣ ቅቤና ሚዶውን። በተናገረ ቁጥር ነገሩ እያነሰ፣ እየቀለለ ሲሄድ ይታየኝ ነበር። ለሱ የዕድሜ ቁስል ነው፤ ለሚሰማው ሰው ግን ጨዋታ ነው። ሚዶው ላይ ሲደርስ አንደኛው ሽማግሌ ሳል አስመስለው ፊታቸውን አዞሩ፤ ሁለተኛው ጋቢያቸው ውስጥ ገቡ፤ ኦቦ ቶሎሳ ራሳቸው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ታደሰ መሀል ላይ አቆመ። በሕይወቱ የፈራው ነገር ዋርካ ሥር፣ በሽማግሌ ፊት ደረሰበት። አየሁት፤ ሊሄድ ነበር።

ያልሳቁት እትዬ ዘነበች ብቻ ነበሩ። ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ነው። እጃቸው ጭናቸው ላይ ተጣብቋል። ሽማግሌዎቹን በቁጣ እያዩ "ምን ያስቃል?" አሉ። "ሰው እያማረረ ይሳቃል?"

ኦቦ ቶሎሳ አፈሩ። ጉሮሯቸውን ጠርገው ፈረዱ። ከእንግዲህ ያ ስም ከአፏ እንዳይወጣ። ወንድሟን የቤት አባወራ ነውና እንደ ታላቅ ታክብረው። ሲገባ ትነሳለት፣ አንቱ ትበለው፣ አትቀልድበት።

እትዬ ዘነበች ያልጠበቅሁት ነገር ተናገሩ። "ኦቦ ቶሎሳ፣ ሌላ ቅጣት ጣሉብኝ። ጊደር አለችኝ፣ ጊደሬን ልስጠው። ስሙን ተዉልኝ።"

"ለምን?"

"ተዉልኝ ነው የምለው።"

"ለቀልድ ጊደር?" አሉ ኦቦ ቶሎሳ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እኔም ከታደሰ ኋላ ሆኜ፣ አሃ፣ አንድ ነገርማ አለ አልኩ በልቤ። ፍርዱ ግን ጸና። ወንድምና እህት ጉልበት ለጉልበት ተሳሳሙ፣ ታረቁም ተባለ።

እርቁ ከጠቡ ባሰብን። እትዬ ዘነበች የተፈረደባቸውን አንዲት ሳያጎድሉ ፈጸሙ። ታደሰ ሲገባ ብድግ ይላሉ፤ ልጆች እንኳ ለአባታቸው እንደዚያ አይነሱም። "አቶ ታደሰ፣ እንዴት ሰነበቱ? ይቀመጡ" ይላሉ። ሱሉልታ ስንሄድ ከፍ ያለው መደብ ለሱ ይነጠፋል፤ ፈረሰኛው ጠላ ለሱ ይወጣል። ፊታቸው ላይ አንድም ነገር አይነበብም።

"እያፌዘችብኝ ነው" ይለኛል ባሌ ስንመለስ። "አይተሻታል ስትነሳ? አነሳሷ ራሱ ፌዝ ነው።"

እኔም ጠበቅሁ። አንድ ቀን ነጠላውን ወደ አፋቸው ሲያነሱ ልይዛቸው ነው። አልያዝኳቸውም። የያዝኩት ሌላ ነገር ነው፤ ስለ ጤናው መጠየቅ አበዙ። ባገኙት ድርቆሽ ጫኝ "አቶ ታደሰ ደህና አደሩ?" ብለው ይልካሉ። ጉንፋን ይዞት ከሥራ የቀረ ሰሞን ከሱሉልታ በእግራቸው መጥተው በራችን ላይ ቆመው አገኘኋቸው። አልገቡም። "አለ?" ብቻ አሉኝ፣ "አለ" ስላቸው ተመለሱ። እኔ የክፉ ሰው ልብ ነው ያልኩት። ሞቱን የሚጠባበቅ ሰው ካልሆነ ማን እንዲህ ይጠይቃል?

ባሌ ደግሞ እየከሳ ሄደ። ያን ሁሉ ዘመን የሸሸውን ቀልድ ሲያጣ የሚያደርገው ጠፋው። አንዳንዴ እህቱ ፊት ሆን ብሎ አጉል ነገር ያደርጋል፤ ዋንጫ ይደፋል፣ ኮቱን ገልብጦ ይለብሳል። ትቀልድብኛለች ብሎ ይጠብቃል። "ኮትዎ ተገልብጧል፣ አቶ ታደሰ" ይሉታል እሳቸው፣ ዓይናቸውን ሰብረው። በሰው ፊት ሲዋረድ እንኳ እንደዚያ ተጎድቶ አላየሁትም። እህቱን አጥቷታል፤ እንደጠፋችም ማንም አያምነውም፣ ምክንያቱም ይኸውና ፊት ለፊቱ ቆማለች።

በአጨዳው ወራት እትዬ ዘነበች ታመሙ ሲባል ብቻዬን ሄድኩ። እሱ "ምን እንደምታደርግ መጀመሪያ አንቺ እዪልኝ" ብሎ ነው የላከኝ። ሱሉልታ ሜዳው ታጭዶ፣ ድርቆሹ በየቦታው ተከምሯል። እሳቸው ከእሳቱ አጠገብ ተኝተዋል፣ አካላቸው አልቋል። ከመቀመጤ "አቶ ታደሰ ደህና ናቸው?" አሉኝ።

ከዚያ በላይ አልቻልኩም። "እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ" አልኳቸው። "ምን ይፈልጋሉ ከሱ?"

ረጅም ጊዜ አዩኝ። "እናታችን ስትሞት" አሉ፣ "እጄን ይዛ፣ ያችን ስም ከአፍሽ እንዳትጥያት አለችኝ። የጣልሻት ቀን እንደ ወንድሞቹ ይሄዳል አለችኝ። ቀድሞም ገና በልጅነቱ ጠጉሩን ሲላጭ ሁሉም ሞት አለፈ ብሎ ተደሰተ። እኔ አላመንኩም። በደህናው ብጠራው አባቴም ቄሱም ይከለክሉኛል፤ ቀልድ ሳደርገው ግን ማንም አልከለከለኝም። አንቺንም ያን ቀን ያስተማርኩሽ ለዚህ ነው፤ እኔ እሩቅ ነኝ፣ በቤቱ የሚጠራው ሰው ይኑር ብዬ ነው። ሕፃኑንም እንደዚያው።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩትም?"

"ሞት የሚፈልግህ ሰው ነህ ብዬ ልንገረው?"

ሳልጠይቃቸው ጨመሩ። "አልዋሽሽም ደግሞ። ሁሉም ለሱ አልነበረም። መጀመሪያ ፍርሃት ነበር፤ እያደር ግን ጣመኝ። ሲናደድ አያምርም መሰለሽ? ሚዶውንማ ማንም ላኪ አላለኝም።"

ግማሹን አመንኩ። ለኔ ይሄ ብዙ ነው። ሰበታ ተመልሼ ለታደሰ ስነግረው እንደ ልማዱ "አሁን ደግሞ ይህን ፈጠረች?" አለ። ኮቱን ግን እየለበሰ ነበር።

ስንገባ እትዬ ዘነበች ሊነሱለት ታገሉ። በክርናቸው ተደግፈው፣ "ይቀመጡ አቶ..." ሲሉ ትከሻቸውን ይዞ መልሶ አስተኛቸው። ከምድጃው ዳር ተቀመጠ። ምን ሊል እንደሆነ አላውቅም፤ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። እሳቱ ላይ የተጣደውን ማሰሮ ከፈተ፣ ወደ ውስጥ አየ፣ ከደነው።

"ስሚ ዘነበች" አለ። "እናታችን በስም የደከመችው በከንቱ ነው። እኔን ሊገድለኝ የነበረው ሞት አይደለም፤ ያንቺ ሽሮ ነው። እናታችን ገበያ በሄደች ቁጥር ያን ሽሮ በልቼ ከተረፍኩ ከእንግዲህ ማን ይገድለኛል?"

በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እህቱ ላይ ሲቀልድ ያን ቀን አየሁት። ዓይኑ ፊታቸው ላይ ተተክሏል።

እትዬ ዘነበች መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ ፊታቸው ቀላ፣ ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ፤ የሚስቁ ይሁን የሚያለቅሱ መለየት አልቻልኩም። "አንተ ባለጌ" አሉት። ነጠላቸውን ስበው ተከናነቡና ወደ ግድግዳው ዞሩ። ታደሰ እየሳቀ ወጣ፤ ይህኛው ሳቁ ከሆዱ ነው። ከደጅ ቆሞ እንባውን ሲጠርግ በበሩ ቀዳዳ አየሁት። እስኪያርፉ ድረስ በየሳምንቱ እየተመላለሰ ስለዚያ ሽሮ ሳይናገር የቀረበት ቀን የለም፤ እሳቸውም ይሰድቡታል።

ያን የመጀመሪያ ቀን እሱ ደጅ እንዳለ እትዬ ዘነበች ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ። በጣታቸው ጠሩኝ። ጆሮዬን ወደ አፋቸው አስጠጋሁ።

"እውነት ሽሮዬ አይጥምም?" አሉኝ።

"ኧረ ሲቀልድ ነው እትዬ" አልኳቸው።

ዓይኔን አተኩረው አዩኝ። በሩን አዩ፣ ማሰሮውን አዩ፣ መልሰው እኔን አዩኝ። አላመኑኝም።